በሲፒኦ ዕቃ ከመሸጥ በፊት፦ ወረቀቱን፣ ቅርንጫፉንና ገንዘቡን በቅደም ተከተል የማረጋገጫ አሠራር

ሲፒኦ ከተራ ቼክ የሚለየው ባንኩ ገንዘቡን ከገዢው ላይ አስቀድሞ ተቀብሎ ክፍያውን በራሱ ስም ስለሚያዝ ነው። ተራ ቼክ በሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ደረቅ ቼክ ሆኖ ይመለሳል፤ በትክክል የወጣ ሲፒኦ ግን በዚህ ምክንያት አይመለስም። ቼክ አልቀበልም የሚል የመርካቶ ነጋዴ ሲፒኦ ሲያይ መጋዘኑን የሚከፍተው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ይሁን እንጂ እምነቱ የሚሠራው በእጁ ያለው ወረቀት በእርግጥ ባንኩ ያወጣው፣ መጠኑ ያልተነካና ገና ያልተከፈለ ሲፒኦ ከሆነ ብቻ ነው። በባንክ ኦፕሬሽን ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው ተጎጂዎች አብዛኞቹ ሲፒኦውን ሳያዩ የተቀበሉ አልነበሩም፤ አይተዋል፣ አንዳንዶቹም ደውለዋል፤ ነገር ግን ያዩትና የጠየቁት ነገር ከተፈጸመባቸው የማጭበርበር ዓይነት ጋር አልተገናኘም።

የማጭበርበሩ ዓይነት በመሠረቱ ሦስት ነው። አንደኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተፈበረከ ሲፒኦ ነው፤ ባንኩ ጨርሶ አያውቀውም። ሁለተኛው ባንኩ በእርግጥ ያወጣው፣ ነገር ግን የገንዘቡ መጠን ወይም የተከፋዩ ስም በኋላ የተለወጠበት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው መንታ የሚባለው ነው፦ እውነተኛው ሲፒኦ በአጭበርባሪው ኪስ ይቀመጥና በቁጥሩም፣ በቀኑም፣ በመጠኑም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ቅጂ ለሻጩ ይሰጠዋል። የወረቀት ምርመራ የመጀመሪያውን በአብዛኛው ይይዛል፤ ሁለተኛውን ለመያዝ ለቅርንጫፉ በአግባቡ የቀረበ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛውን ግን ገንዘቡ በራስ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ከማየት በቀር የሚይዘው የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ1,276,000 ብር ለመሸጥ ተስማምቷል እንበል። ገዢው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ በነጋዴው ስም የተሠራ የ1,276,000 ብር ሲፒኦ ይዞ ይመጣል። ሾፌሩ ሌሊቱን ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት አለበት ይላል።

ከገዢው ጋር አስቀድሞ መስማማት

ማረጋገጡ የሚጀምረው ሲፒኦው ከመሠራቱ በፊት ነው። ዋጋ በተቆረጠበት ዕለት ለገዢው ሦስት ነገር በግልጽ ይንገሩት፤ በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የመጀመሪያው፣ ዕቃው የሚጫነው ገንዘቡ በሒሳብዎ ከገባ በኋላ እንጂ ሲፒኦው በተሰጠ ጊዜ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሲፒኦው እርስዎ ሒሳብ ባለዎት ባንክ ቢሠራ የሚመርጡ መሆኑ ነው፤ በዚያው ባንክ የተሠራ ሲፒኦ ወደ ሒሳብዎ ለመግባት ወደ ሌላ ባንክ ተልኮ መመለስ አያስፈልገውም። ሦስተኛው፣ የተከፋዩ ስም በባንክ ሒሳብዎ ላይ እንደተመዘገበው ፊደል በፊደል መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው፤ ስምዎን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ቢሰጡት ጥሩ ነው፤ አንድ ፊደል ሲለወጥ ገንዘብ ከፋዩ ገቢ ሊያደርግልዎ ባለመቻሉ የሚባክን ጊዜ አለና።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ገዢውን ተከትሎ ወደ ባንክ መሄድ ነው። ሲፒኦው እርስዎ ባሉበት መስኮት ላይ ሲሠራ፣ ከሠራተኛው እጅ በቀጥታ ሲቀበሉትና እዚያው ገቢ ሲያደርጉት ከሦስቱም የማጭበርበር ዓይነቶች ነጻ ይሆናሉ። ሁለታችሁም በአንድ ባንክ ሒሳብ ካላችሁ ደግሞ ሲፒኦ ጭራሽ ለምን አስፈለገ ብለው ይጠይቁ፤ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ማዛወር በደቂቃዎች ያልቃል። በተለያዩ ባንኮች መካከል ከፍ ያለ ገንዘብ አርቲጂኤስ በሚባለው የባንኮች የገንዘብ ማስተላለፊያ ሥርዓት ሊላክ ይችላል። ገዢው እነዚህን ሁሉ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ብሎ ወረቀቱን ብቻ ላምጣልህ የሚል ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ወረቀቱን መመርመር

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ጥሩ ብርሃን፣ አጉሊ መነጽርና የብር ኖት ማረጋገጫ የአልትራቫዮሌት መብራት ናቸው፤ ሦስተኛው በብዙ ሱቅ የብር መቁጠሪያ ማሽን ላይ አለ። የየባንኩ ሲፒኦ ንድፍና የደኅንነት ምልክት ይለያያል፤ ስለሆነም አንዱ ባንክ ያለውን ምልክት ሌላው ላይ አጥቶ መደንገጥ አይገባም። የሚሻለው ከዚያው ባንክ ከዚህ በፊት የተቀበሉትንና ያለ ችግር የተከፈለዎትን ሲፒኦ ቅጂ በፋይል ይዞ በጎን እያስቀመጡ ማነጻጸር ነው።

ወረቀቱን በመጀመሪያ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱት። የውሃ ምልክት ያለው ወረቀት ምስሉን የሚያሳየው ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ነው፤ ምስሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም በግራጫ ቀለም ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ታትሟል እንጂ በወረቀቱ ውስጥ አልተሠራም። ከዚያ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያስገቡት። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ተራ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት በዚህ መብራት ሥር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ለደኅንነት የተሠራ ወረቀት ግን ደብዘዝ ብሎ ይቀርና የተቀበሩት ክሮች ወይም የተሰወረው ኅትመት ብቻ ይበራል። ይህ አንድ ምርመራ ብቻውን ብዙ የተፈበረከ ወረቀት ይለያል።

በአጉሊ መነጽር የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው። በፊርማው ሥር ያለው መስመር በአንዳንድ ሲፒኦ ላይ መስመር ሳይሆን ደቃቅ ጽሑፍ ነው፤ በኮፒ ማሽን የተባዛ ከሆነ ፊደሉ ተደፍቆ የተቆራረጠ መስመር ይመስላል። ማህተሙን ይመልከቱ፦ በእጅ የተመታ ማህተም ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ በኮምፒውተር የታተመ ማህተም ግን በመነጽር ሲታይ የተለያየ ቀለም ካላቸው ደቃቅ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ፊርማውም እንዲሁ ነው፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫነዋል፤ ወረቀቱን ገልብጠው በጣትዎ ሲያስኬዱበት የጫናው ምልክት ሊሰማዎት ይችላል። ሁለት የባንክ ፊርማ ሊኖርበት ሲገባ አንድ ብቻ ካለበት ወይም ሁለቱ በአንድ እጅ የተጻፉ የሚመስሉ ከሆነ ወደ ሌላው ደረጃ ሳይሄዱ እዚህ ላይ ያቁሙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜ ወስደው ሊያዩት የሚገባው የገንዘቡ መጠን የተጻፈበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ዓይነት ማጭበርበር ወረቀቱም ማህተሙም ፊርማውም እውነተኛ ስለሆኑ እስካሁን ያየናቸው ምርመራዎች ሁሉ ያልፋሉ። በአሃዝና በፊደል የተጻፈው አንድ መሆኑን ማየት የመጀመሪያው ነው፤ ነገር ግን ልምድ ያለው አጭበርባሪ ሁለቱንም ይለውጣል። የአማርኛ ቁጥር ለዚህ የሚመች ጠባይ አለው፦ «ሰባት ሺህ» ከሚለው «ት» ብትጠፋ «ሰባ ሺህ» ይሆናል፣ በአሃዙም ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ብቻ ይቀራል፤ «ዘጠኝ» የመጨረሻ ፊደሉ ሲለወጥ «ዘጠና» ይሆናል። ከሁሉ የሚቀልለው ግን ከፊት መጨመር ነው። ከመጠኑ በፊት ባዶ ቦታ ከተተወ አዲስ ቃልና አዲስ አሃዝ ይገባበታል። ባንኮች ከመጠኑ በፊትና በኋላ ኮከብ ወይም ሰረዝ የሚያስገቡት ይህን ለመዝጋት ነው። ስለዚህ በፊደል የተጻፈው መጠን ከመስመሩ መነሻ ላይ መጀመሩን፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን፣ የፊደሉ ውፍረትና የቀለሙ ጥቁረት ከዳር እስከ ዳር አለመለወጡን ይመልከቱ። ቀለም በኬሚካል የታጠበበት ቦታ በመብራቱ ሥር ከአካባቢው የተለየ ጥላ ያሳያል፤ በምላጭ የተፋቀበትም ቦታ ወደ ብርሃን ሲነሣ ሳስቶ ይታያል።

በምሳሌያችን ነጋዴው ወረቀቱን በመብራት አይቶ ምንም አላገኘበትም። በፊደል የተጻፈውን ሲያነብ ግን «አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ» የሚለው ከ«ሰባ ስድስት ሺህ ብር» ጋር ሲነጻጸር ፊደሉ ትንሽ ጠበብ ያለ መሰለው። በአሃዙም በኩል «1,2» የሚለው ከብር ምልክቱ ጋር ተጣብቋል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ የሲፒኦውን ቅጂ አንሥቶ ወደ ቅርንጫፉ ለመደወል ተነሣ።

አውጪውን ቅርንጫፍ መጠየቅ

በሲፒኦው ላይ የታተመውንም ሆነ ገዢው የሚሰጥዎትን ስልክ ቁጥር አይጠቀሙ። በተፈበረከ ሲፒኦ ላይ ያለው ስልክ የሚያነሣው የአጭበርባሪው ባልደረባ ነው፤ እርሱም የቅርንጫፉን ስም ጠርቶ፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ አክብሮ፣ ኮምፒውተር የሚመለከት መስሎ ሁሉንም ነገር ያረጋግጥልዎታል። ገዢው ራሱ ደውሎ ስልኩን የሚያቀብልዎት ከሆነም ያው ነው። የቅርንጫፉን ቁጥር ከባንኩ የጥሪ ማዕከል ወይም ከራስዎ የባንክ ቅርንጫፍ ይውሰዱ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲፒኦ ከሆነ ለምሳሌ በ951 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ቅርንጫፉ ሩቅ ካልሆነ ግን በአካል እንዲሄዱ እመክራለሁ። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ የአንድ ሰዓት መንገድ ብዙ አይደለም።

ስልኩ ሲነሣ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ወይም የኦፕሬሽን ኃላፊውን ይጠይቁ፤ ስሙንና የደወሉበትን ሰዓት ይጻፉ። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። «በእኔ ስም የ1,276,000 ብር ሲፒኦ አውጥታችኋል ወይ?» ብለው ከጠየቁ፣ ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ቁጥሩን አግኝቶ «አዎ፣ አውጥተናል» ሊልዎት ይችላል፤ መጠኑን ግን አላመሳከረም። የሚሻለው የሲፒኦውን ተከታታይ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን ሠራተኛው እንዲነግርዎ ማድረግ ነው፤ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ተከፋዩ ነጋዴ እኔ ነኝ። ቁጥሩ ይህ የሆነ ሲፒኦ ከእናንተ ወጥቷል? በየትኛው ቀን? በማን ስም? በስንት ብር? እስካሁን አልተከፈለም፣ አልተሰረዘም፣ ጠፋ ተብሎስ አልታገደም?» የሚሰጥዎትን መልስ አንድ በአንድ በእጅዎ ካለው ወረቀት ጋር ያመሳክሩ።

ባንኩ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት በስልክ አልናገርም ቢልዎት አይቀየሙ፤ እንዲያውም ጥንቃቄው ለእርስዎም ይጠቅማል። እንዲህ ሲሆን የራስዎ ባንክ ቅርንጫፍ በመደበኛ መስመሩ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ፣ ወይም መታወቂያዎንና ሲፒኦውን ይዘው በአካል ይቅረቡ። ገዢው ሲፒኦውን ሲያሠራ የተሰጠውን የደንበኛ ቅጂ እንዲያሳይዎት መጠየቅም ይቻላል፤ በቅጂው ላይ ያለው መጠንና ቀን ከዋናው ጋር መስማማት አለበት። መጠኑ ከባድ በሆነ ጊዜ ከአውጪው ቅርንጫፍ በተጨማሪ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም ለሌላ ቅርንጫፍ ደውሎ ማመሳከር መልካም ነው፤ አልፎ አልፎ ከውስጥ የሚተባበር ሰው ይኖራልና ሁለት የተለያየ ቦታ የሚቀመጡ ሰዎች አንድ መልስ መስጠታቸው ትርጉም አለው።

ነጋዴያችን ቁጥሩን ሰጥቶ ሲጠይቅ ቅርንጫፉ እንዲህ አለው፦ ሲፒኦው ከእኛ ወጥቷል፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ ተከፋዩ እርስዎ ነዎት፣ አልተከፈለም፤ መጠኑ ብር 76,000። አጭበርባሪው እውነተኛ ሲፒኦ በ76,000 ብር ገዝቶ ከፊቱ 1,200,000 ጨምሮበታል። ነጋዴው ጥያቄውን በሌላው መንገድ አቅርቦ፣ በ«አዎ» ተደስቶ ቢሆን ኖሮ ፌሮው ተጭኖ ይሄድ ነበር። ባንኩም በመዝገቡ ካለው ከ76,000 ብር በላይ አይከፍለውም፤ ወረቀቱ መለወጡ ስለታወቀ እርሱም እስኪጣራ ሊያዝ ይችላል።

ገንዘቡ መግባቱን ማየት

አሁን ደግሞ ቅርንጫፉ ሁሉንም ነገር አረጋገጠ እንበል፦ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ስሙና 1,276,000 ብሩ ልክ ነው፣ አልተከፈለምም። ዕቃውን መልቀቅ ይቻላል? አይቻልም። ቅርንጫፉ ያረጋገጠው በመዝገቡ ላይ ያለውን ሲፒኦ እንጂ በእጅዎ ያለውን ወረቀት አይደለም። ዋናው ሲፒኦ በገዢው ቦርሳ፣ መንታው በእርስዎ እጅ ከሆነ መልሱ ያው «ልክ ነው» ነው። ፌሮው ከሄደ በኋላ ገዢው ዋናውን ይዞ ወደ ቅርንጫፉ ተመልሶ ግብይቱ ቀርቷል ይልና ገንዘቡን ያስመልሳል፤ እርስዎ ሰኞ ጠዋት ይዘውት የሚቀርቡት ወረቀት የሚያወጣው ገንዘብ አይኖረውም። በአንዳንድ ሰው ዘንድ ደውሎ ማረጋገጥ የመጨረሻው ደረጃ ተደርጎ መታየቱ እጅግ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ሲፒኦውን ገቢ ያድርጉ። በዚያው ባንክ ሒሳብ ካለዎት ሠራተኛው ዋናውን ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ ሒሳብዎ ላይ ሲመዘግበው ጉዳዩ ያኔ ያልቃል። ሒሳብዎ በሌላ ባንክ ከሆነ ሲፒኦው በክሊሪንግ በኩል ወደ አውጪው ባንክ ቀርቦ እስኪከፈል ድረስ ይጠብቃሉ፤ በዚህ ጊዜ በእጅዎ ያለው የገቢ ደረሰኝ ሲፒኦውን ማስረከብዎን እንጂ ገንዘቡ መድረሱን አያሳይም። መጠበቁ የሚያስቸግር ከሆነ ወደ አውጪው ባንክ በራስዎ ሄደው እዚያው ሒሳብ ከፍተው ገቢ ማድረግ አንዱ መውጫ ነው።

ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ መንገድ ይዩ። በስልክዎ የሚደርስ የ«ገቢ ሆኗል» መልእክት በቀላሉ ሊመሰል ይችላል፤ ገዢው የሚያሳይዎት የስክሪን ፎቶማ ከቁጥርም አይገባም። የባንክዎን መተግበሪያ ራስዎ ከፍተው ወይም እንደ ባንክዎ አጭር ቁጥር ደውለው፣ በንግድ ባንክ ለምሳሌ `*889#`፣ ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ። መጠኑ መጨመሩን ብቻ ሳይሆን ሊወጣ የሚችል መሆኑንም ያጣሩ፤ ተመዝግቦ ገና ያልተጣራ ገንዘብ ሊኖር ይችላልና በጥርጣሬ ጊዜ ሠራተኛውን «አሁን ባወጣው ይከፈለኛል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

ይህ ልዩነት በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ ያስፈልጋል። እዚያ በተከፋዩ ሒሳብ፣ በአካል ለገንዘብ ከፋይ የቀረበ፣ ከሲፒኦ ጋር የሚመሳሰለው የካሸር ቼክ ገንዘቡ በአብዛኛው በቀጣዩ የሥራ ቀን እንዲለቀቅ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት ግን ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ የተፈበረከ ሆኖ ሲገኝ ባንኩ ሙሉውን ከሒሳብዎ ይቀንሰዋል፣ አውጥተውት ከሆነም ዕዳው የእርስዎ ነው። መኪና የሚሸጥ ሰው ከተስማሙበት ዋጋ በላይ የተጻፈ ቼክ ተሰጥቶት ልዩነቱን ለማጓጓዣ ላክልኝ ሲባል፣ ይህ በሰፊው የታወቀ የማጭበርበር መንገድ ነው። በዚያ አገር የሚሻለው በቼኩ ላይ በተጻፈው ባንክ ቅርንጫፍ ከገዢው ጋር ተገናኝቶ ቼኩ እፊትዎ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ጊዜና ጥርጣሬ

ዓርብ ማምሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የበዓል ዋዜማ፣ እነዚህ ሰዓቶች በአጋጣሚ አይመረጡም። ባንኩ ሲዘጋ ለመጠየቅም ለገቢም መንገድ የለም፤ መኪናው ግን በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይጮኻል። ሲፒኦው በሥራ ሰዓት ማብቂያ ከደረሰዎ ዕቃውን ለይተው ለዚያ ገዢ ይያዙለት፣ የመያዣ ደረሰኝ ይስጡት፣ ጭነቱን ግን ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ያስተላልፉ። የእውነተኛ ገዢ ዕቃ አይጠፋበትም፤ መኪናው ባዶ ቆሞ የሚያድርበት ኪራይ ቢያስከፋው ከኪራዩ ከፊሉን ለመካፈል ቃል መግባት ከ1,200,000 ብር ጋር አይወዳደርም።

ሲፒኦው ሐሰተኛ ወይም የተለወጠ መሆኑን ካወቁ ከገዢው ጋር አይጋጩ፤ ባንኩ ነገ እንደሚያጠናቅቅ ብቻ ይንገሩት። ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያንሡ፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የቀረበልዎትን መታወቂያና የስልክ ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ ወረቀቱን በፖስታ አድርገው ብዙ ሳይነካኩ ያስቀምጡ። ወረቀቱን ለገዢው መመለስ ማስረጃውን መመለስ ነው፤ ካልሰጠኸኝ ብሎ ከገፋ ግን ለወረቀት ብለው አካልዎን አደጋ ላይ አይጣሉ፣ ፎቶው ይበቃል። ከዚያ በዚያው ዕለት ለአውጪው ቅርንጫፍ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ በአቅራቢያዎ ባለ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ። ያ ቁጥር ያለው ሲፒኦ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሻጭ ቀርቦ ሊሆን ስለሚችል ቅርንጫፉ ማስታወቂያውን በቶሎ ማግኘቱ ለዚያኛውም ሰው ይደርሳል።